ፌስቡክ ላይ ጽሑፍ ለምን ይነሳል? ስለ ስትራይክና ይግባኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፌስቡክ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ በተለይ የፔጅና የግሩፕ አድሚኖች፣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የለጠፍኩት ነገር ላይ ፌስቡክ ምን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም፤ ብዙ ጊዜም እናንተ ላይ ስትራይክ፣ ማለትም የጥፋት ነጥብ፣ ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ ሳያነሳው የሚያየውን ሰው ይቀንሰዋል። ጽሑፉ ገጻችሁ ላይ እንዳለ ነው፤ የሰው ፊድ ላይ ግን ብዙም አይወጣም። ሦስተኛ፣ እላዩ ላይ ማስታወሻ ወይም መሸፈኛ ያደርግበታል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከ2016 ጀምሮ ይህንን ሦስት መንገድ ሲከተል ቆይቷል።

ሦስቱ አንድ አይደሉም። ሕጋቸው ይለያያል፤ አቤት የሚባልበትም ቦታ ይለያያል። ብዙ ሰው ሳምንት ሙሉ የሚለፋው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው። ማስታወሻ ተለጥፎበት እያለ የስትራይክ ይግባኝ ይፈልጋል፤ ወይም ሪቹ፣ ማለትም ጽሑፉ የሚደርሰው ሰው ብዛት፣ ቀንሶ እያለ «ታገድኩ» ብሎ አዲስ ፔጅ ይከፍታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ከሦስቱ የትኛው እንደደረሰባችሁ ነው።

ለምን እንደተነሳ የት ነው የማየው?

በግል አካውንት የለጠፋችሁት ከሆነ `Account Status` የሚለውን ፈልጉ። በሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ብትጽፉም ይመጣል። የተነሳባችሁን ነገር፣ ተጥሷል የተባለውን ደንብና አሁን ያለባችሁን እገዳ ያሳያል። ሌላው `Support Inbox` ነው፤ የተላኩላችሁ ውሳኔዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ፔጅ ከሆነ ደግሞ ወደ ፔጁ ቀይራችሁ ከገባችሁ በኋላ የፔጁን ሁኔታ የሚያሳየውን ክፍል ክፈቱ።

እዚያ የሚጻፈው ምክንያት አጭር ነው። የደንቡን ስም ይነግራችኋል እንጂ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳስቀጣችሁ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ይህ በጣም ያናድዳል። ቢሆንም የደንቡ ስም ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። «የጥላቻ ንግግር» እና «ወደ አመፅ ማነሳሳት» የተለያዩ ደንቦች ናቸው፤ የምትሰጡት መልስም የተለያየ ነው። ማስታወቂያው እንደደረሳችሁ ስክሪንሾት አንሱ። በኋላ ጽሑፉን ማየት ላትችሉ ትችላላችሁ።

የሚወስነው ማሽን ነው ወይስ ሰው?

ሁለቱም። ጽሑፉን መጀመሪያ የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ማሽን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሪፖርት ያደረገ ሰው ነው። ማሽኑ በጣም እርግጠኛ ከሆነ ራሱ ያነሳዋል፤ ካልሆነ ለሰው ያስተላልፈዋል። ሜታ የአማርኛ ጽሑፍን የሚመረምር ማሽንም፣ አማርኛ የሚችሉ ገምጋሚዎችም አሉት።

ገምጋሚው ግን እናንተን አያውቃችሁም። ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁትን፣ ተከታዮቻችሁ የሚያውቁትን ቀልድ፣ ከማን ጋር እየተከራከራችሁ እንደሆነ አያውቅም። ከፊቱ ያለው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ለማየት የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ለእሱ የለም። ከታች የሚመጡት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሰዎች ተጠራርተው ሪፖርት ቢያደርጉኝ ይነሳብኛል?

ፌስቡክ የሪፖርት ብዛት አንድን ጽሑፍ አያስነሳም ይላል። አንድ ሰው ሪፖርት ቢያደርግም ሺህ ሰው ቢያደርግም የሚታየው ደንብ መጣሱ ነው። በቴሌግራም «ይህንን ፔጅ ሪፖርት አድርጉልን» የሚሉ ዘመቻዎች በሁሉም ወገን አሉ። ደንብ ያልጣሰ ጽሑፍ በቁጥር ብቻ መነሳት የለበትም።

ዘመቻው ምንም ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ማንም ልብ ያላለውን ጽሑፍ ወደ ግምገማ ሊያስገባው ይችላል። ግምገማ በበዛ ቁጥር የመሳሳት ዕድሉም አብሮ ይበዛል። በተለይ ብዙ የቆዩ ጽሑፎች ያሉበት ፔጅ ከሆነ፣ ተቃዋሚዎቻችሁ አንድ በአንድ እየቆፈሩ የምር ደንብ የጣሰ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ዘመቻ የተከፈተበት ፔጅ አድሚን ከሆናችሁ የድሮ ጽሑፎቻችሁን ራሳችሁ ቀድማችሁ ብታዩ ጥሩ ነው።

ጽሑፌ ላይ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚል ተለጠፈ። ስትራይክ ነው?

አይደለም። ይህንን የሚወስነው ከሜታ ጋር ውል ያለው ገለልተኛ የመረጃ አጣሪ ድርጅት ነው። ለኢትዮጵያ ሲሠሩ ከቆዩት መካከል ኤኤፍፒ እና ፔሳቼክ ይገኙበታል። ፔሳቼክ በአማርኛም ያወጣል። አጣሪው «ሐሰት»፣ «የተቀየረ»፣ «በከፊል ሐሰት» ወይም «አውዱ የጎደለው» ብሎ ይፈርጀዋል። «ሐሰት» ወይም «የተቀየረ» የተባለው ሪቹ በጣም ይወርዳል። «በከፊል ሐሰት» የተባለው ያነሰ ይቀነሳል። «አውዱ የጎደለው» የተባለው ግን በአብዛኛው ማስታወሻ ብቻ ነው የሚደረግበት።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያስፈርጀው የድሮ ወይም የሌላ አገር ፎቶ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የሶርያ ፎቶ «ትናንት በእንዲህ ያለ ወረዳ» ተብሎ ይለጠፋል። ለጣፊው ከሌላ ፔጅ አምኖ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ፎቶው ግን በምስል ፍለጋ በደቂቃ ይገኛል። ፔጁ እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሞ ከለጠፈ ቅጣቱ ከአንድ ጽሑፍ አልፎ የፔጁን አጠቃላይ ሪች ይነካል፤ ገቢ ማግኘትንም ሊያስከለክል ይችላል።

አቤቱታው የሚቀርበው ለፌስቡክ ሳይሆን ላጣሪው ድርጅት ነው። ማስታወሻውን ስትነኩት የአጣሪው ጽሑፍ ይከፈታል፤ አድራሻቸው እዚያ አለ። ስህተታችሁን ካረማችሁ የታረመውን ጽሑፍ ሊንክ ላኩላቸው። ትክክል ነኝ ካላችሁ ማስረጃውን ላኩ። አሜሪካ ላላችሁ አንድ ልዩነት አለ፤ ሜታ በጥር 2025 ይህ አሠራር በአሜሪካ እንዲቀር ወስኖ ተጠቃሚዎች ራሳቸው በሚጽፉት ማስታወሻ ተክቶታል። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ዘመዳችሁ የሚያየው ማስታወሻ አዲስ አበባ ካለው ሊለይ ይችላል።

ምንም ማስታወቂያ ሳይመጣ ሪቼ ወደቀ። ታግጃለሁ?

ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ `Account Status` እዩ። እዚያ ምንም ከሌለ ስትራይክ የለባችሁም። ይሁንና ፌስቡክ ደንብ ሳይጥሱም ዝቅ የሚያደርጋቸው የጽሑፍ ዓይነቶች አሉ። በ2021 ዝርዝሩን ይፋ አድርጓል።

እኛ ዘንድ በጣም የሚያጠቃው ላይክና ሼር የሚለምን ጽሑፍ ነው። «አሜን ብለው ሼር ያድርጉ»፣ «ኮሜንት ላይ አንድ ቁጥር ይጻፉ»፣ «ያላጋራ እናቱን አይወድም» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ፌስቡክ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ዝቅ ያደርጋል፤ ደጋግሞ የሚለጥፍ ፔጅ ደግሞ ሁሉም ነገሩ ይቀንስበታል። «የሆነውን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ» የሚል ርዕስም እዚያው ይመደባል። ለዚህ ይግባኝ የለም። መፍትሔው ማቆም ነው። ሪቹ የሚመለሰውም ቀስ በቀስ ነው።

የለጠፍኩት ፎቶ ተሸፈነ። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ፎቶ ለጥፎ ደግሞ ጭራሽ ተነሳበት። ለምን?

ጥቃት ወይም ሞት የሚያሳይ ምስል አንዳንዱ ይፈቀዳል፣ ግን ይሸፈናል፤ ለማየት የፈለገ ሰው ይነካዋል፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ግን አያየውም። በጣም የከፋው፣ ለምሳሌ አካል ሲቆራረጥ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ለምስክርነት ተብሎም ቢሆን ይነሳል።

ምስሉ ተመሳሳይ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ ልዩነቱ አብሮት የተጻፈው ነገር ሊሆን ይችላል። በሰው ሞት የሚደሰት ወይም የሚያፌዝ ጽሑፍ ካለው ምስሉ ከመሸፈን አልፎ ይነሳል። «የእጃቸውን አገኙ» የሚል አንድ ሐረግ ለዚህ ይበቃል። ግፍን ለማሳየት የምትለጥፉ ከሆነ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ለምን እንደምታሳዩ ጻፉ።

ስትራይክ ስንት ሲሞላ ነው የምታገደው?

«ሦስት ጊዜ ከሆነ ይዘጋል» የሚባለው የዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቀጥሎ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከደረሰ ቻናሉን ይዘጋል። ፌስቡክ እንዲህ አይቆጥርም። በየካቲት 2023 ሕጉን አላልቶታል፤ ብዙ ሰው ግን እስካሁን የድሮውን ያወራል።

አሁን ለአብዛኛው ጥሰት የመጀመሪያው ስትራይክ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ስትራይክ ድረስ ግሩፕ ውስጥ መለጠፍን የመሰለ አንዳንድ ነገር ለተወሰነ ጊዜ ሊከለከል ይችላል። ሰባተኛው ላይ ለአንድ ቀን ምንም መለጠፍ አትችሉም፤ ኮሜንትም ቢሆን። ስምንተኛው ሦስት ቀን፣ ዘጠነኛው ሰባት ቀን፣ አሥረኛውና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 30 ቀን ነው። ከዚያም መጣሱ ከቀጠለ አካውንቱ ሊዘጋ ይችላል። እያንዳንዱ ስትራይክ ከአንድ ዓመት በኋላ ይሰረዛል።

አንድ ሰው ሰባት ስትራይክ አለበት እንበል። ከሰባቱ ሁለቱ በስህተት የተመዘገቡ ቢሆኑና በይግባኝ ቢያስነሳቸው አምስት ይቀሩታል። ሌላ ነገር ቢነሳበት ስድስተኛ ይሆናል እንጂ የሦስት ቀን እገዳ አይደርስበትም። ይግባኝ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ያው ጽሑፍ ስምንተኛ ሆኖ ለሦስት ቀን ያስቀምጠው ነበር። ለዚህ ነው «ትንሽ ማስጠንቀቂያ ናት» ተብሎ የሚተወው የመጀመሪያ ስትራይክ ላይም ይግባኝ መጠየቅ የሚጠቅመው።

ይህ ቁጥር የማይሠራባቸው ከባድ ጥሰቶች አሉ። ሕፃናትን በወሲብ መበዝበዝን የሚያሳይ ነገር አካውንትን ወዲያው ያዘጋል። ሜታ «አደገኛ» ብሎ የፈረጃቸውን ድርጅቶችና ሰዎች ማወደስም ከተራው ጥሰት የበለጠ ያስቀጣል። የእነዚህ ድርጅቶች ሙሉ ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ አለመሆኑ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው የማያውቀውን ሕግ እንዴት ያከብራል?

ጽሑፉን ራሴ ባጠፋው ስትራይኩ ይጠፋል? የድሮ ጽሑፍስ ያስቀጣል?

አይጠፋም። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ማጥፋት አይሰርዘውም። እንዲያውም ይግባኝ የሚታየው ጽሑፉ ላይ ስለሆነ ማጥፋቱ ይጎዳችኋል።

የድሮውን በተመለከተ፣ ለአብዛኛው ጥሰት ስትራይክ የሚመዘገበው ጽሑፉ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ የተለጠፈ ከሆነ ነው። ለከባዱ ጥሰት ግን እስከ አራት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ከ90 ቀን በላይ የቆየ ጽሑፍ ሊነሳ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስትራይክ የለውም። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከተነሳባችሁ ደግሞ እንደ አንድ ስትራይክ ሊቆጠር ይችላል። አሥር ጽሑፍ አንድ ቀን ተነሳብኝ ብላችሁ አሥር ቆጥራችሁ አትደንግጡ፤ ገብታችሁ እዩ።

እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግሁት። የግሩፕ አድሚንስ ለአባላት ጽሑፍ ይጠየቃል?

ሼር ማድረግ እንደ መለጠፍ ነው የሚታየው። ያለ አንዳች ቃል ስታጋሩት ገምጋሚው የሚያየው እንደተስማማችሁ ነው።

ፔጅ ላይ የተለጠፈ ጥሰት በለጠፈው አድሚን ላይም በፔጁ ላይም ሊቆጠር ይችላል። ሦስት አድሚን ያለው ፔጅ ከሆነ የአንዱ ችኮላ የሁሉንም ሥራ ይጎዳል። ግሩፕ ላይ ወሳኙ ማጽደቅ ነው። አባል የላከውን አድሚኑ አይቶ ካጸደቀው በኋላ ጥሰት ሆኖ ቢገኝ ግሩፑ ላይ ይቆጠራል። በብሔር ወይም በፖለቲካ ጉዳይ የሚወያይ ትልቅ ግሩፕ የምትመሩ ከሆነ ሳታነቡ «ሁሉንም አጽድቅ» የምትለዋን ቁልፍ አትንኩ።

የሰደበኝን ሰው ለማጋለጥ ስድቡን ጠቅሼ ጻፍኩ። እኔ ተቀጣሁ። ፍትሐዊ ነው?

አይደለም፤ ደንቡም ይህንን አይልም። የጥላቻ ቃልን ለማውገዝ ወይም ለመዘገብ መጥቀስ ይፈቀዳል። ቅድመ ሁኔታው ግን ዓላማችሁ ግልጽ እንዲሆን ነው። ግልጽ ካልሆነ ፌስቡክ የማንሳት መብት አለኝ ይላል።

ችግሩ የሚመጣው ስክሪንሾቱን ለጥፈን «እዩት እንግዲህ» ብቻ ስንል ነው። እኛን የሚያውቀን ሰው እያወገዝን እንደሆነ ይገባዋል። ገምጋሚው ግን ሊገባው የሚችለው ከተጻፈው ብቻ ነው። «ይህ ሰው በእንዲህ ያለ ሕዝብ ላይ የጻፈው ነው፤ አወግዘዋለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከላይ አስቀምጡ። የስድቡን ቃል መድገም የግድ ካልሆነ አትድገሙት። ከተቀጣችሁም ይግባኝ ጠይቁ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ ሲያየው የመመለስ ዕድል ካላቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

ይግባኝ እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ከማስታወቂያው ወይም ከ `Account Status` የተነሳውን ጽሑፍ ክፈቱ። `Request review` ወይም ተመሳሳይ ምርጫ ታገኛላችሁ። ምክንያት ምረጡ ይላችኋል፤ መርጣችሁ ላኩ። ብዙ ጊዜ ረጅም ማብራሪያ የምትጽፉበት ቦታ የለም። ስለዚህ እንደገና የሚገመገመው ጽሑፉ ራሱ ነው፤ የእናንተ ክርክር ብዙም ቦታ የለውም። አንዳንድ ጥሰቶች ላይ ደግሞ ምርጫው ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

መልሱ የሚመጣበት ቀን አልተወሰነለትም። ካሸነፋችሁ ጽሑፉ ይመለሳል፤ ስትራይኩም ይነሳል። መመለሱን አይታችሁ ብቻ አትተዉት፤ ስትራይኩ መነሳቱን `Account Status` ላይ አረጋግጡ። እየጠበቃችሁ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና መለጠፍ ግን አደገኛ ነው። ውሳኔው ገና ስላልተቀየረ ሁለተኛ ስትራይክ ሊያመጣ ይችላል።

የሙዚቃ ወይም የቪዲዮ ቅጂ መብት ክስ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ከፊታችሁ ያለው ባለመብት ነኝ ያለው ወገን ነው፤ የስትራይክ ይግባኝ አይሠራም።

«ፔጅዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ ይግባኝ ለማለት ይህንን ይጫኑ» የሚል መልእክት መጣልኝ። እውነት ነው?

ሌባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፔጅ የሚሰረቅበት አንዱ የተለመደ መንገድ ይህ ነው። ስሙ «ሜታ ሰፖርት» የሚመስል፣ አርማው ሰማያዊ የሆነ አካውንት በሜሴንጀር ይጽፍላችኋል፤ ወይም ከብዙ ፔጆች ጋር ታግ ያደርጋችኋል። ሊንኩን ስትከፍቱ የፌስቡክ መግቢያ የሚመስል ገጽ ይመጣል። ስልክና የይለፍ ቃል ስታስገቡ ይወስዱታል፤ ከዚያ ስልካችሁ ላይ የመጣውን ኮድም ይጠይቃሉ።

መለያው ቀላል ነው። እውነተኛ ውሳኔ ከሆነ `Support Inbox` ወይም `Account Status` ውስጥ አለ። ሊንኩን ሳትነኩ አፑን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ኢሜይል ከሆነ የደኅንነት ሴቲንግ ውስጥ `Recent emails` የሚል አለ፤ ፌስቡክ በቅርቡ የላከላችሁን የደኅንነትና የመግቢያ ኢሜይል እዚያ ታመሳክራላችሁ። «ገንዘብ ክፈሉኝና የተዘጋ አካውንት አስመልሳለሁ» የሚሉትንም አትመኑ። በተለይ የይለፍ ቃልና መታወቂያ የሚጠይቁትን።

አካውንቴ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። አዲስ ብከፍትስ?

አትቸኩሉ። ስትገቡ የሚመጣው ገጽ ይግባኝ የምትጠይቁበት 180 ቀን እንዳላችሁ የሚገልጽ ከሆነ ገና አልተጠናቀቀም። እዚያው ገጽ ላይ ይግባኙን ጀምሩ። ማንነታችሁን በመታወቂያ ወይም ፊታችሁን በቪዲዮ በመቅረጽ እንድታረጋግጡ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስምና አካውንቱ ላይ ያለው ስም የማይገናኙ ከሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቀኑ ካለፈ በኋላ መመለሻ የለም።

እገዳን ለማምለጥ አዲስ አካውንት መክፈት ራሱ ጥሰት ነው። አዲሱም ይዘጋል። ፔጅ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት የምትተማመኑበት ሁለተኛ አድሚን ይኑር፤ ብቸኛው አድሚን ሲዘጋ ፔጁም ያለ ባለቤት ይቀራል።

ይግባኜ ውድቅ ሆነ። ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ አለ?

አለ፤ ቁጥጥር ቦርድ ይባላል። በእንግሊዝኛ ስሙ `Oversight Board` ነው። ሜታ ያቋቋመው፣ ግን ከኩባንያው ውጭ ሆኖ የሚወስን አካል ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2020 ነው። ፌስቡክ የመጨረሻ ውሳኔውን ሲሰጥ የማመሳከሪያ ቁጥር ይልክላችኋል። ቁጥሩን ይዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ `oversightboard.com` ላይ ታመለክታላችሁ። እዚያ ሐሳባችሁን በራሳችሁ ቃል የምታስረዱበት ቦታ አለ። 15 ቀኑ ካለፈ አይቀበሉም።

ከሚቀርብለት አቤቱታ ቦርዱ የሚመርጠው እጅግ ጥቂቱን ነው። ለብዙ ሰው የሚጠቅም ጥያቄ ያለበትን ይመርጣል። ስለዚህ ለተራ ስድብ ጉዳይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ቢሆንም ቦርዱ የአንድን ጽሑፍ ጉዳይ ሲወስን ሜታ መፈጸም አለበት። ከዚያ ውጭ የሚሰጠው ምክር ግን አያስገድድም።

የጻፍኩት እውነት ከሆነስ? እውነትን እንዴት ያነሱታል?

በጣም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ቦርዱ በአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ መልስ ሰጥቶበታል። በሐምሌ 2021 መጨረሻ አንድ ተጠቃሚ የሕወሓት ኃይሎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ሴቶችንና ሕፃናትን እንደገደሉና እንደደፈሩ፣ ንብረትም እንደዘረፉ ጻፈ። ሲቪል የትግራይ ተወላጆችም እንደተባበሯቸው ጨመረ። መረጃውን ከነዋሪዎች እንዳገኘ ገልጿል። የሜታ ማሽን ጠቆመው፤ አማርኛ የሚችል ገምጋሚ የጥላቻ ንግግር ነው ብሎ አነሳው። ተጠቃሚው ይግባኝ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ገምጋሚም ያንኑ አጸና። ከዚያ ወደ ቦርዱ ሄደ። እውነት ነው፣ አደጋ ላይ ያለውን ወገኔን ለመጠበቅ ነው የጻፍኩት የሚል ነበር ክርክሩ።

ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ሜታ እንደገና አይቶ ተሳስቻለሁ አለ፤ በነሐሴ 27 ጽሑፉን መለሰው። በታኅሣሥ 2021 ግን ቦርዱ መነሳቱ ትክክል ነበር ብሎ ወሰነ። ምክንያቱን ግን ቀየረው። የጥላቻ ንግግር ነው አላለም፤ አመፅን የሚያባብስ ያልተረጋገጠ ወሬ ነው አለ። ክብደት የሰጠው ሲቪሎችን በብሔራቸው የግፉ ተባባሪ ናቸው የሚለውን ክፍል ነው። ጦርነት እየተካሄደ ባለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ የቅርብ ጥቃት አደጋን በጣም ይጨምራል ብሏል። ሜታ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ጥላቻንና ያልተረጋገጠ ወሬን ለማሰራጨት እንዴት እንዳገለገለ በገለልተኛ አካል እንዲያስጠናም መክሯል።

እኔ ይህ ውሳኔ ስልክ በተቋረጠበት፣ ጋዜጠኛ በማይገባበት ቦታ ላለ ሰው በጣም ከባድ እንደሆነ ይሰማኛል። ማስረጃ አምጣ የሚባለው ማስረጃ ለማምጣት መንገድ የሌለው ሰው ነው። ቢሆንም ስለ ሲቪሎቹ የተጻፈው ክፍል ላይ ቦርዱ የፈራው ነገር እውነተኛ ፍርሃት ነው። ጎረቤት በስሙ ሳይሆን በብሔሩ ሲከሰስ ምን እንደሚመጣ አይተናል።

ስለዚህ ግፍ ስትመዘግቡ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። «ከአካባቢው ሰዎች» ከማለት «እዚያው ከነበረ፣ ለደኅንነቱ ስሙን ከማልጠቅሰው ዘመዴ» ማለት ይሻላል። ድርጊቱን የፈጸመው ታጣቂ ኃይል ከሆነ ያንን ኃይል ጥሩ፤ ተባበረ የምትሉት ግለሰብ ካለ ጉዳዩን ወደ መርማሪ አካል ውሰዱት እንጂ ብሔሩን አትጥሩ። ይህንን አድርጋችሁም ሊነሳባችሁ ይችላል። ኦሪጅናል ፎቶውንና ቪዲዮውን ግን ከፌስቡክ ውጭ፣ ሌላ ሰው እጅም ጭምር፣ ሳይቆረጥና ሳይታረም አስቀምጡት። የተነሳ ጽሑፍ በይግባኝ ባይመለስ እንኳ ኦሪጅናሉን ለሰብዓዊ መብት መርማሪ መስጠት ይቻላል።